የቀን ጾም ስንት ሰዓት ይሆናል? ከፀሐይ መውጫና መጥለቂያ ተነስቶ የማስላት መመሪያ

የጾሙን መያዣና መፍቻ ሰዓት የሚያሳይ ሰሌዳ ያለው ሰው ርዝመቱን ለማወቅ መቀነስ ብቻ ይበቃዋል። ሰሌዳው ግን የሚያገለግለው ለአንድ ከተማና ለአንድ ዓመት ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ ረመዳን ስንት ሰዓት እንደሚጾም ወይም ሌላ አገር ያለ ወንድም ዛሬ ስንት ሰዓት እንደሚጾም ማወቅ የፈለገ ሰው ራሱ ማስላት አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው sin እና cos ያለው ካልኩሌተርና አሥር ደቂቃ ነው፤ የስልክ ካልኩሌተር ወደ ጎን ሲዞር አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን ቁልፎች ያወጣል።

ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። ለዚህ ስሌት ይህ አቆጣጠር በጣም ይመቻል፤ ከጳጉሜን በቀር ወሮቹ ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ ቀን ለመቁጠር ጣት አያስፈልግም።

ርዝመቱን የሚወስነው ምንድን ነው?

ሦስት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ ቦታው ከምድር ወገብ ያለው ርቀት (ኬክሮስ)፣ ቀኑ፣ እና ጾሙ የሚጀምረው ፀሐይ የት ስትደርስ እንደሆነ።

ኬንትሮስ፣ የአገሩ የሰዓት ክልልና በጋ ሲመጣ ሰዓት ወደፊት መግፋት በርዝመቱ ላይ ምንም አይጨምሩም፣ ምንም አይቀንሱም። እነሱ የሚለውጡት መጀመሪያውና መጨረሻው በሰዓት ላይ ስንት ተብለው እንደሚነበቡ ነው፤ ሁለቱንም እኩል ስለሚገፉ ልዩነቱ አይነካም። ብዙ ሰው ስሌቱን ሳይጀምር የሚተወው እነዚህን ሁሉ ማስገባት ያለበት ስለሚመስለው ነው። ለርዝመት ሲባል ጨርሶ እርሷቸው።

ሦስተኛው ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጾሙ ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ከሆነ፣ በባሃኢ ሃይማኖት ተከታዮች ዘንድ እንዳለው፣ ርዝመቱ የቀኑ ርዝመት ራሱ ነው። የረመዳን ጾም ግን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ሳይሆን ጎህ ሲቀድ፣ በፈጅር ነው፤ ያኔ ፀሐይ ገና ከአድማስ በታች ናት። መጨረሻው መግሪብ፣ ማለትም ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ስለዚህ የረመዳን ርዝመት የቀኑ ርዝመት ሲደመር ከጎህ እስከ ፀሐይ መውጫ ያለው ጊዜ ነው። ይህ ተጨማሪ ጊዜ በምድር ወገብ ላይ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፤ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ በራቅን ቁጥር ይረዝማል፤ ምክንያቱም ፀሐይ እዚያ ቀጥ ብላ ሳይሆን አግድም እየተንሸራተተች ስለምትወጣ ያንኑ ከፍታ ለመውጣት ብዙ ጊዜ ይወስድባታል።

ሰሌዳ ላይ ያለውን መቀነስ

ወደ ስሌቱ ከመግባታችን በፊት ቀላሉን እንጨርስ። ፈጅር ከሌሊቱ 9:41፣ መግሪብ ከምሽቱ 1:20 ቢሆን ቁጥሮቹን ዝም ብሎ መቀነስ ትርጉም የለውም። ቀኑን በጠዋት 12 ሰዓትና በምሽት 12 ሰዓት ቁረጡት። ከ9:41 እስከ ጠዋት 12:00 ድረስ 2 ሰዓት ከ19 ደቂቃ አለ። ከጠዋት 12 እስከ ምሽት 12 ድረስ 12 ሰዓት ነው። ከዚያ እስከ 1:20 ድረስ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። ድምሩ 15 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ይሆናል።

እዚህ ላይ የሚመጣው ስህተት አንድ ነው፦ አንዱን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላውን ከስልክ በ24 ሰዓት አቆጣጠር መውሰድ። ያኔ ውጤቱ በ6 ሰዓት ይዛነፋል። የረመዳን ውጤታችሁ 9 ወይም 21 ሰዓት ገደማ ከመጣ መጀመሪያ ይህን ፈትሹ።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ወደ ፀሐይ ጉዞ መለወጥ

ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑባቸው ሁለት ቀኖች አሉ፤ አንዱ መጋቢት 11፣ ሌላው መስከረም 12 ነው። ከዓመት ዓመት በአንድ ቀን ሊዛነፉ ይችላሉ፤ ለርዝመት ስሌት ይህ ጉዳት የለውም። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው 186 ቀን፣ ከሁለተኛው ተመልሶ እስከ መጀመሪያው 179 ቀን አለ። ሁለቱ እኩል ያልሆኑት ምድር በጥር አካባቢ ለፀሐይ ስለምትቀርብና በፍጥነት ስለምትዞር ነው። ይህን ልዩነት ችላ የሚሉ ቀላል ቀመሮች አሉ፤ በ50 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ግን በአንዳንድ ወራት የበርካታ ደቂቃ ስህተት ያመጣሉ። ስለዚህ ዓመቱን ለሁለት ከፍሎ ማስላት ይሻላል። ፀሐይ በዓመታዊ ጉዞዋ የደረሰችበትን ዲግሪ L እንበለው።

ቀኑ ከመጋቢት 11 እስከ መስከረም 12 ባለው ጊዜ ከዋለ፣ ከመጋቢት 11 ወዲህ ያለፉትን ቀኖች ቁጠሩና፦

```
L = 180 × ቀኖች / 186
```

ከመስከረም 12 እስከ መጋቢት 11 ከዋለ፣ ከመስከረም 12 ወዲህ ያለፉትን ቁጠሩና፦

```
L = 180 + 180 × ቀኖች / 179
```

ቆጠራው ከነሐሴ ወደ መስከረም ሲያልፍ ጳጉሜን እንዳትረሱ፤ የምትዘነጋው ሁልጊዜ እሷ ናት።

ደረጃ 2፦ ፀሐይ ከምድር ወገብ ስንት ዲግሪ እንደራቀች

```
sin(D) = 0.3978 × sin(L)
```

0.3978 የ23.44 ዲግሪ sin ነው፤ የምድር ዘንግ የሚያዘነብለው ያን ያህል ነው። D አዎንታዊ ከሆነ ፀሐይ በሰሜን፣ አሉታዊ ከሆነ በደቡብ ናት። D በፍጹም ከ23.44 አይበልጥም፤ ከበለጠባችሁ የሆነ ቁጥር ተሳስቷል።

ደረጃ 3፦ ከእኩለ ቀን ያለው ርቀት

ፀሐይ አናት ላይ ከምትደርስበት እኩለ ቀን እስከምንፈልገው ቅጽበት ድረስ ሰማይ የዞረበትን ዲግሪ H እንበለው፤ ኬክሮሱን F፣ ፀሐይ በዚያ ቅጽበት ከአድማስ ያላትን ከፍታ a እንበል።

```
cos(H) = (sin(a) − sin(F) × sin(D)) / (cos(F) × cos(D))
```

ለመጥለቂያም ሆነ ለመውጫ a = −0.833 ነው። ዜሮ ያልሆነበት ሁለት ምክንያት አለ። መጥለቂያ የሚባለው የፀሐይ መሃል ሳይሆን የላይኛው ጠርዝ ከአድማስ ሲሰወር ነው፤ ይህ ሩብ ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ቀሪው፣ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ የሚበልጠው፣ አየር ብርሃኑን ስለሚያጎብጠው ነው፤ ፀሐይን አድማስ ላይ የምናያት በእርግጥ ከአድማስ በታች ከወረደች በኋላ ነው።

ለፈጅር a የሚወሰነው በተቋማት ስምምነት ነው። የዓለም ሙስሊም ሊግ −18፣ የመካው ኡሙል ቁራ −18.5፣ የግብፁ −19.5፣ የሰሜን አሜሪካው ኢስና −15 ይጠቀማሉ። ልዩነቱ የሒሳብ ሳይሆን ጎህ መቅደዱ በዓይን መቼ ይለያል በሚለው ላይ ነው። በአካባቢያችሁ የሚሠራበትን ውሰዱ፤ ከታች ባሉት ምሳሌዎች −18ን እንይዛለን።

ደረጃ 4፦ ወደ ሰዓት መለወጥ

ሰማይ በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ይዞራል። ስለዚህ፦

```
ርዝመት = (H ፈጅር + H መጥለቂያ) / 15
```

ጾሙ ከፀሐይ መውጫ የሚጀምር ከሆነ በH ፈጅር ፈንታ ያንኑ የመጥለቂያውን H ድገሙት።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው

በ2009 ዓ.ም. ረመዳን በብዙ አገሮች የገባው ግንቦት 19 ነበር። ቦታው በ40 ዲግሪ ሰሜን ይሁን፤ አንካራና ቤጂንግ እዚያው አካባቢ ናቸው።

ከመጋቢት 11 እስከ ግንቦት 11 ሁለት ወር፣ 60 ቀን ነው፤ ስምንት ሲጨመር 68። L = 180 × 68 / 186 = 65.81። የዚህ sin 0.9122 ነው፤ በ0.3978 ሲባዛ 0.3629። ስለዚህ D = 21.28 ዲግሪ።

አሁን ሁለት ጊዜ የሚያገለግሉትን ሁለት ቁጥሮች አውጥታችሁ ጻፉ። sin(40) × sin(21.28) = 0.2333፤ cos(40) × cos(21.28) = 0.7138።

ለመጥለቂያ sin(−0.833) = −0.0145 ነው። ከዚህ 0.2333 ሲቀነስ −0.2478፤ ለ0.7138 ሲካፈል −0.3471። ካልኩሌተሩ ላይ `cos⁻¹` ስትሉ H = 110.31 ይወጣል፤ ለ15 ሲካፈል 7.354 ሰዓት። የቀኑ ርዝመት የዚህ እጥፍ፣ 14.71 ሰዓት ነው።

ለፈጅር sin(−18) = −0.3090። ከዚህ 0.2333 ሲቀነስ −0.5423፤ ለ0.7138 ሲካፈል −0.7597። H = 139.43፤ በሰዓት 9.295።

ድምሩ 16.65 ሰዓት ነው። ይህ 16 ሰዓት ከ65 ደቂቃ አይደለም፤ 0.65ን በ60 አባዙት፣ 39 ይሆናል። የዚያ ቀን ጾም 16 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ነበር ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ከጎህ እስከ ፀሐይ መውጫ ያለው ብቻ 1 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው።

ያንኑ ቀን በ−15 ብታሰሉት 16 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ይመጣል። ሁለት ጎረቤታሞች የተለያየ መተግበሪያ ከፍተው ሱሑር የሚያቆሙበት ሰዓት በ23 ደቂቃ ሲለያይ አንዱ መተግበሪያ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ የተሞላላቸው ዲግሪ የተለያየ ነው። ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ማየት ይበቃል።

በተደጋጋሚ ለማስላት የሰንጠረዥ ፕሮግራም ይመቻል። A2 ላይ ኬክሮስ፣ B2 ላይ L፣ C2 ላይ የፈጅሩን ዲግሪ (18) አስገቡና በD2፣ E2፣ F2 እና G2 በቅደም ተከተል እነዚህን ጻፉ፦

```
=DEGREES(ASIN(0.3978*SIN(RADIANS(B2))))
=DEGREES(ACOS((SIN(RADIANS(-0.833))-SIN(RADIANS(A2))*SIN(RADIANS(D2)))/(COS(RADIANS(A2))*COS(RADIANS(D2)))))
=DEGREES(ACOS((SIN(RADIANS(-C2))-SIN(RADIANS(A2))*SIN(RADIANS(D2)))/(COS(RADIANS(A2))*COS(RADIANS(D2)))))
=(E2+F2)/15
```

40፣ 65.81 እና 18 ስታስገቡ G2 ላይ 16.65 ካልታየ አንዱ ቅንፍ ቦታውን ስቷል።

በዓመቱ ውስጥ እንዴት ይለዋወጣል?

በ−18 የተሰላ የጾም ርዝመት በአራት ኬክሮሶች ላይ ይህን ይመስላል፤ ቁጥሮቹ ሰዓትና ደቂቃ ናቸው።

| ኬክሮስ (ሰሜን) | ታኅሣሥ 12 | መጋቢት 11 | ሰኔ 14 |
|---|---|---|---|
| 0 | 13:22 | 13:15 | 13:22 |
| 10 | 12:48 | 13:17 | 14:00 |
| 40 | 10:57 | 13:40 | 17:04 |
| 50 | 10:04 | 14:00 | አይሰላም |

በምድር ወገብ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚለዋወጠው ሰባት ደቂቃ ብቻ ነው፤ በ10 ዲግሪ 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ፤ በ40 ዲግሪ ግን ከስድስት ሰዓት በላይ። ምድር ወገብ አካባቢ ጾሙ «ልክ 12 ሰዓት ነው» ሲባል ይሰማል። ለፀሐይ መውጫና መጥለቂያ ያ ቅርብ ነው፤ የጎሁ ጊዜ ሲጨመር ግን ሁልጊዜ ከ13 ሰዓት ያልፋል።

ከሰንጠረዡ የማይታይ ሌላ ነገር አለ፦ ለውጡ ዓመቱን ሙሉ በእኩል ፍጥነት አይሄድም። በ40 ዲግሪ ላይ መጋቢት 11 የተጀመረ ጾም 13 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሆኖ ይነሳና ከ30 ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 11፣ 15 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ይደርሳል። በወሩ ውስጥ 83 ደቂቃ፣ በየቀኑ ሦስት ደቂቃ ገደማ ይጨምራል። ግንቦት 29 የተጀመረው ደግሞ በ16 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ተነስቶ በሰኔ 14 ጫፉ ላይ ሲደርስ የጨመረው 9 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከዚያ ያንኑ መልሶ ይቀንሳል። ምክንያቱ D ነው፤ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ጊዜ በየቀኑ 0.4 ዲግሪ ገደማ ትጓዛለች፣ ሰኔና ታኅሣሥ ላይ ግን ለሳምንታት ባለችበት የቆመች ያህል ነው። በተግባር ይህ ማለት በመጋቢት ወይም በመስከረም አካባቢ የሚውል ጾም ሲታቀድ የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ማስላት አይበቃም፤ 1ኛውን፣ 15ኛውንና 30ኛውን ቀን አስሉ። በሰኔና በታኅሣሥ ግን አንድ ቀን ተሰልቶ ለወሩ ሁሉ ይሆናል።

የባሃኢዎች 19 ቀን ጾም የሚውለው ቀንና ሌሊት በመጋቢት እኩል ከመሆናቸው በፊት ባሉት ቀኖች ነው፤ ስለዚህ አብዛኛው ሰው በሚኖርበት ቦታ 12 ሰዓትን ይጠጋል፤ ከዓመት ዓመትም አይዞርም። ረመዳን ግን በጨረቃ ስለሚቆጠር ይዞራል። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወር 354 ቀን ከሲሶ በላይ ነው፤ የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ከሩብ ገደማ። ልዩነቱ 10.9 ቀን ያህል ነው፤ በየዓመቱ ያን ያህል ወደኋላ ይመጣል፤ ዙሩንም በ33 ዓመት ገደማ ይጨርሳል።

የወደፊቱን ዓመት ለመገመት የምታውቁትን የመጀመሪያ ቀን ውሰዱ፣ የዓመቶቹን ብዛት በ10.9 አባዙ፣ ያን ያህል ቀን ወደኋላ ቁጠሩ። ከግንቦት 19፣ 2009 ተነስተን ሰባት ዓመት ብንሄድ 7 × 10.9 = 76 ቀን ነው። ከግንቦት 19 ሁለት ወር ወደኋላ መጋቢት 19፣ አሥራ ስድስት ቀን ደግሞ መጋቢት 3። በእርግጥ በ2016 ዓ.ም. በብዙ አገሮች የገባው መጋቢት 2 ነበር፤ የአንድ ወይም የሁለት ቀን መዛነፍ ከጨረቃ መታየት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሁልጊዜም ይኖራል።

መጋቢት 2 ከመስከረም 12 ወዲህ 170ኛው ቀን ነው፤ L = 350.95፣ D = −3.6 ገደማ። በ40 ዲግሪ ላይ ስንሰላው 13 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይመጣል። በዚያው ቦታ፣ በሰባት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ቀን ጾም በ3 ሰዓት ከ24 ደቂቃ አጥሯል። በ10 ዲግሪ የሚኖር ሰው ይህን ለውጥ እምብዛም አይሰማውም፤ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት ራሱ እዚያ ከአንድ ሰዓት ብዙም ስለማይርቅ።

ካልኩሌተሩ «ስህተት» ሲል

በ50 ዲግሪ ሰሜን ሰኔ 14ን ለማስላት ሞክሩ። ለፈጅር የሚወጣው −1.0407 ነው፤ cos ከ−1 በታች ስለማይወርድ ካልኩሌተሩ `Error`፣ የሰንጠረዥ ፕሮግራሙ `#NUM!` ይላል። ይህ የስሌት ስህተት አይደለም። በዚያ ሌሊት ፀሐይ ከአድማስ በታች 18 ዲግሪ ድረስ አትወርድም፤ የምሽቱ ወጋገን ሳይጠፋ የንጋቱ ይቀጥላል፤ ስለዚህ የ18 ዲግሪ ጎህ የሚባል ቅጽበት በዚያ ቀን የለም።

መቼ እንደሚገጥም አስቀድሞ ማወቅ ቀላል ነው፦ F እና D ሲደመሩ ከ72 ከበለጡ የ18 ዲግሪው ፈጅር የለም። በ50 ዲግሪ ይህ የሚሆነው D ከ22 ሲያልፍ፣ ከግንቦት 24 እስከ ሐምሌ 4 ገደማ ነው። ለ−15 ደግሞ ድምሩ ከ75 መብለጥ አለበት፤ በ50 ዲግሪ ያ አይደርስም፤ ስለዚህ በ−15 ሰኔ 14 ቀን 19 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ሆኖ ይሰላል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰሌዳ አውጪዎች ሌሊቱን በመክፈል ይሠራሉ። በ50 ዲግሪ ሰኔ 14 ቀኑ 16 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ነው፤ ሌሊቱ 7 ሰዓት ከ38 ደቂቃ። ሌሊቱን ለሁለት የሚከፍለው ዘዴ ፈጅርን ከፀሐይ መውጫ በፊት 3 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ላይ ያደርገዋል፤ ጾሙ 20 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ይሆናል። የሌሊቱን አንድ ሰባተኛ የሚወስደው 1 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ይሰጣል፤ ጾሙ 17 ሰዓት ከ27 ደቂቃ። ዲግሪውን ለ60 አካፍሎ ያን ያህል የሌሊት ክፍል የሚወስደው ደግሞ (18/60 ማለት 0.3) 2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ይሰጣል፤ ጾሙ 18 ሰዓት ከ39 ደቂቃ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል 2 ሰዓት ከ44 ደቂቃ አለ። የትኛው ይያዝ የሚለውን ሒሳብ አይመልሰውም፤ የአካባቢው መስጊድ ወይም ምክር ቤት የወሰነውን ጠይቆ መያዝ ነው። የትኛውን ዘዴ እንደሚከተሉ ሳታውቁ ሁለት ሰሌዳ አታነጻጽሩ።

ከዚህም ወደ ሰሜን ሲገፋ የመጥለቂያው H ራሱ ስህተት ይላል፤ F እና D ሲደመሩ ከ89.2 ካለፉ በዚያ ቀን ፀሐይ ጨርሶ አትጠልቅም። ያኔ ይህ መመሪያ አያገለግልም።

ውጤቱ ትክክል መሆኑን መፈተሻ

ካልኩሌተሩ በዲግሪ ላይ መሆኑን በመጀመሪያ አረጋግጡ። sin(30) ስትሉ 0.5 ካልመጣና −0.988 ከመጣ `RAD` ላይ ነው፤ ወደ `DEG` መልሱት።

ቀጥሎ መጋቢት 11ን አስሉ። በዚያ ቀን ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ያለው በምድር ወገብ 12 ሰዓት ከ7 ደቂቃ፣ በ40 ዲግሪ 12 ሰዓት ከ9 ደቂቃ መሆን አለበት። ድፍን 12 ከመጣ በ−0.833 ፈንታ ዜሮ አስገብታችኋል። 11 ሰዓት ከ50 ምናምን ከመጣ የመቀነስ ምልክቱ ወድቋል።

ከምድር ወገብ በደቡብ ላለ ቦታ F አሉታዊ ነው። ይህን የረሳ ሰው የሚያገኘው ቁጥር ፍጹም የሚታመን ይመስላል፤ ነገር ግን ክረምቱን በበጋ ተክቶ ነው። ሰኔ ላይ በደቡብ ያለ ቦታ ጾሙ ከመጋቢቱ ከረዘመባችሁ ምልክቱን ተመልከቱ።

ዘዴው በአብዛኛው በሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ውስጥ ያስቀምጣችኋል፤ D በቀኑ ውስጥ እንኳ ትንሽ ስለምትንቀሳቀስና የአየሩ ሙቀትና ግፊት ብርሃኑን የሚያጎብጥበትን መጠን ስለሚቀያይሩ ከዚህ በላይ መጥራት አያስፈልግም። ለማቀድ ይበቃል፤ ኢፍጣር ለማፍጠር ግን የአካባቢውን ሰሌዳ ተከተሉ። ብዙ ሰሌዳዎች ለጥንቃቄ ጥቂት ደቂቃ ስለሚጨምሩ ከእናንተ ቁጥር ጋር ፍጹም አይገጥሙም።

ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው ደግሞ አድማሱ ዝቅ ስለሚል ፀሐይ ዘግይታ ትጠልቃለች። ከአካባቢው ሜዳ በላይ ያለውን ከፍታ በሜትር ወስዳችሁ ስኩዌር ሩቱን በ0.0347 አባዙና ከ−0.833 ላይ ቀንሱት፤ ለ300 ሜትር 0.6 ዲግሪ ይሆናል፣ a ወደ −1.43 ይወርዳል። ከባሕር ጠለል በላይ ያለውን ከፍታ አትውሰዱ፤ ሰፊ ሜዳማ ደጋ ላይ ያለ ከተማ አድማሱም አብሮት ከፍ ስላለ ምንም አይለወጥበትም። በዱባይ ቡርጅ ኸሊፋ ከ80ኛ ፎቅ በላይ ያሉ ነዋሪዎች ኢፍጣርን በ2 ደቂቃ፣ ከ150ኛ ፎቅ በላይ ያሉት በ3 ደቂቃ እንዲያዘገዩ የከተማዋ የሃይማኖት ኃላፊዎች በ2011 እ.ኤ.አ. የመከሩት በዚህ ምክንያት ነው።